የጳጉሜን ስድስት ልጅ

ዘመነ ሉቃስ ተፈጽሞ ዘመነ ዮሐንስ ሊገባ አንዲት ሌሊት ብቻ በቀረችው ጊዜ፥ ማለት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም፥ በማተሚያ ቤት ብዙ ዘመን አብሬው የሠራሁ አንድ ወዳጄ ስድሳ ዓመት ሞላው። የተወለደው በ1955 ዓ.ም በዚያችው በስድስተኛዋ ጳጉሜን ስለ ሆነ፥ ልደቱ እንደ ሌላው ሰው ልደት በየዓመቱ አይመጣለትም፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፥ በሉቃስ ብቻ ነውና፥ በማቴዎስ፥ በማርቆስና በዮሐንስ ቀኑ ሳይደርስለት ዓመቱ ሾልኮ ያልፈዋል። ብዙ የዕድሜ እኩዮቻችን የተወለዱበትን ቀን በውል የማያውቁ ሲሆኑ እርሱ ይህን ያህል ጠንቅቆ ማወቁ፥ ድቁና የተማሩት አባቱ «ተወልደ ወልድየ» ብለው ቀኑን ከነወንጌላዊው በዳዊታቸው ባዶ ገጽ ላይ ስለ ጻፉለት ነው፤ እርሱም ያችን ገጽ እስከ ዛሬ ከመታወቂያ ወረቀቱ አስበልጦ ይጠብቃታል።

በዚያች ቀን ጧት ስልኬን ብከፍት፥ የቀድሞ ባልደረቦች በቴሌግራም በምንገናኝበት ማኅበር ሠላሳ ሰባት መልእክት ተደርድሮ ጠበቀኝ። ሠላሳ አንዱ «መልካም ልደት» ይላል፤ ግማሹ ኬክ አለው፥ ግማሹ አበባ አለው፥ አንዱ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ያልገባኝ ፊኛ የያዘ ድብ አለው። አራቱ ረዘም ያሉ ናቸው፤ ስለ ሻማ ብርሃንና ስለ ሕይወት ጎዳና ይናገራሉ፤ ዳሩ ግን ከሌላ ስፍራ የተቀዱ መሆናቸውን ለማወቅ ብልኅነት አያሻም ነበር፥ በአንደኛው ውስጥ የአንዲት ሴት ስም ሳይፋቅ ቀርቶ ወዳጄን «እኅታችን» ይለዋልና። የቀሩት ሁለቱ፥ ቀልድ አዋቂ የተባሉት ሰዎች የጻፏቸው፥ «እንኳን ዐሥራ አምስት ዓመት ሞላህ፥ ገና ጎረምሳ ነህ» የሚሉ ነበሩ። እርሱም እኩለ ቀን ላይ «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብሎ በአንድ መስመር ሠላሳ ሰባቱንም ሸኛቸው።

እኔ ግን አንዲት ነጭ ካርድ ገዝቼ ከጧት ጀምሮ ብዕር ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ የምጽፈውም ነገር አልመጣልኝም። ይህ ሐተታ የተወለደው ከዚያ ቀን ድካም ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ ተለመደው ቃል ጥቂት ልሟገትለት፤ ሰዎች የተለመደን ነገር ሁሉ ባዶ ነው ማለት ይቀናቸዋልና። ሽማግሌ ሲመርቅ አዲስ ቃል አይፈጥርም፤ «ይባርክህ፥ ያሳድግህ፥ ዓመት ዓመት ያድርስህ» የሚለው ከአባቱ የሰማውን ነው፥ አባቱም ከአያቱ። ሆኖም ያን ቃል ተቀብሎ «አሜን» ያለ ሰው ባዶ እጁን የሄደ አይመስለውም። ምክንያቱን ሳሰላስል ያገኘሁት ይህ ነው፤ ምርቃት ቃሉ የጋራ ቢሆንም አፉ የአንድ ሰው ነው። የሽማግሌው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፥ እጁ በራስህ ላይ ያርፋል፥ ስምህን ሲጠራ የልጅነት ስምህን ይጠራል፥ ያለፈውን ዓመት ሕመምህን የሚያውቅ ከሆነ «ጤና ይስጥህ» የምትለው ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። የግል የሆነው ነገር ሁሉ በድምፁ፥ በእጁና በዓይኑ ተሸክሞ ስለሚመጣ ቃሉ የጋራ ሆኖ ለመቅረት ነፃነት አለው። ያን ቃል ከአፉ ነጥቀህ በስልክ መስታወት ላይ ስታኖረው ግን ድምፁ ይቀራል፥ እጁ ይቀራል፥ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳሙ ይቀራል፤ ሥጋ የሠራውን ሥራ ሁሉ ፊደል ብቻውን እንዲሠራው ይገደዳል። እንግዲህ «መልካም ልደት» ጥፋቱ መለመዱ አይደለም፤ ያለ ተሸካሚ መላኩ ነው።

ደግሞም የልደት በዓል ለእኛ አገር ሰው ጥንታዊ ርስት ስላልሆነ የራሱ የሆነ የከበረ ቃል ገና አላበጀም። ቤተ ክርስቲያን የጌታን ልደት፥ የእመቤታችንን ልደታ፥ የዮሐንስ መጥምቅንና የጥቂት ቅዱሳንን ልደት ታከብራለች እንጂ፥ ቅዱሳንን ይልቁን በዕረፍታቸው ቀን ትዘክራቸዋለች። በመጽሐፍ ልደታቸውን በግብዣ ያከበሩ ሁለት ነገሥታት ተጽፈዋል፤ በፈርዖን ልደት የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ተሰቀለ፥ በሄሮድስ ልደት የዮሐንስ ራስ በወጭት ቀረበ፤ ከዚህ ተነሥቶ አንድ ጨለምተኛ መምህር ልደት ማክበር ለእንግዶች አደገኛ ነው ብሎ ቢያስተምር አልፈርድበትም። በእኛ ዘመን የልጅነት ትዝታ ውስጥ ደግሞ ልደት ሲባል ሐምሌ 16 ነበር፥ የንጉሠ ነገሥቱ፤ ለእርሱም የሚቀርበው የደስታ መግለጫ በቢሮ ተረቅቆ፥ በአለቃ ታርሞ፥ በማኅተም የሚወጣ ነበረ። ከዚያ የቤተ መንግሥት መግለጫ ወደ ዛሬው የኬክ ሥዕል የተሻገርነው በቀጥታ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም፤ ሁለቱም ለማንም ቢላኩ የሚስማሙ ናቸውና።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ ቤርግሶን በ1900፥ በአውሮጳውያን አቆጣጠር፥ ስለ ሣቅ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው የሚያስቀው ሕያው ሆኖ ሳለ እንደ መኪና ሲንቀሳቀስ ስናየው ነው የሚል አሳብ አቀረበ፤ ሣቅም ለጊዜው ልብን ማደንዘዝ ይፈልጋል፥ ለምንራራለት አንስቅምና፥ ይላል። የፊተኛውን አሳቡን በጣም እወድለታለሁ፤ እንደ እርሱ አባባል ከሆነ በዚያች ቀን በማኅበራችን ውስጥ እውነተኛው ቀልድ እነዚያ ሠላሳ አንድ «መልካም ልደቶች» ናቸው፥ ሠላሳ አንድ ሕያዋን ሰዎች እንደ ማተሚያ መኪና አንድ ገጽ ደጋግመው ሲያወጡ መታየታቸው ነውና። በኋለኛው አሳቡ ግን አልስማማም። የወዳጅ ቀልድ ልብን አያደነዝዝም፤ ይልቁን ልቡ ያልነቃ ሰው ሊቀልደው አይችልም። በባልንጀራህ ጠባይ ለመሣቅ አስቀድመህ ያን ጠባይ ለዓመታት ተቀምጠህ ማየት፥ በእርሱም ምክንያት መሰላቸት፥ ከዚያም መውደድ ያስፈልግሃልና፥ ቀልዱ የዚህ ሁሉ ደረሰኝ ነው።

ይህን ነገር የቅኔ ቤት ሰዎች ከፈላስፋው አስቀድመው የሚያውቁት ይመስለኛል። ቅኔ ለዕለቱ ይቆጠራል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ የሚደግም ባለቅኔ በጉባኤው ዘንድ ክብር የለውም። ከቅኔዎች ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ያልቃል፥ ነገር ግን ተማሪው ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ከመቁጠሩ በፊት ከእርሱ የሚጀምረው ቀላል ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ቤት ውስጥ ትርፍ ቃል መሸሸጊያ ስለሌለው ነው። መልክእ የሚባለውን ድርሰትም ተመልከት፤ ደራሲው ቅዱሱን በጅምላ አያመሰግነውም፥ ከስሙ ተነሥቶ ወደ ጠጉሩ፥ ወደ ገጹ፥ ወደ ዓይኑ እያለ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ በየብልቱ ሰላምታ ያቀርባል። አንድን ሰው በእውነት ሰላም ማለት በእርሱ ላይ ያለ አንድ ነገር ለይቶ ሰላም ማለት ነው የሚል ትምህርት በዚያ ውስጥ ተቀብሯል። የልደት ቃልም እንዲሁ ነው፤ መላውን ሰው እጠቅሳለሁ ብሎ የተነሣ ማንንም ሳይጠቅስ ይቀራል፥ አንዲት ብልት ያነሣ ግን ሰውየውን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ የወዳጄ «ብልት» የትኛው ነው? ይህን ለማስረዳት ሥራውን መናገር አለብኝ። እርሱ አራሚ ነበር። ፊደል ለቃሚዎች «የኔታ» እያሉ በስውር ይጠሩታል፤ ፕሩፍ ሲደርሰው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይሰቅልና፥ ቀይ እስክሪብቶውን በጆሮው ላይ ሰክቶ፥ የግራ እጁን አመልካች ጣት ከየፊደሉ ሥር እየጎተተ ያነባል። የሀሌታውን ሀ፥ የሐመሩን ሐና የብዙኃኑን ኀ፥ የንጉሡን ሠና የእሳቱን ሰ ያደባለቀበትን ሰው እንደ ወንጀለኛ ያየዋል። ይህም ጠባዩ ከሥራ ሰዓት ጋር አያበቃም፤ የሠርግ መጥሪያ ሲደርሰው አርሞ ለባለቤቶቹ ይመልሳል፥ በአንድ ሬስቶራንት የምግብ ዝርዝር ላይም ቀይ ቀለም አውጥቶ አስተናጋጁን ግራ ሲያጋባው በዓይኔ አይቻለሁ። ልደቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በመሆኑ ደግሞ የሚደርሰው የመልካም ምኞት ብዛት እጥፍ ነው፤ ጸሐፊውም ሁሉ ማለት ይቻላል «መልካም አዲስ አመት» ብሎ በአልፋው አ ይጽፍለታል። በግእዝ «ዓመት» ዘመን ሲሆን «አመት» ግን ገረድ ማለት ነውና፥ «ዘንድሮም አዲስ ገረድ ተመኙልኝ፥ እስካሁን ግን አንዲትም አልመጣችም» እያለ ለባለቤቱ ያነብላታል፤ እርሷም ይህን ቀልድ ለሠላሳ ዓመት ሰምታዋለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው አሳቤ ይህንኑ የገረድ ነገር በካርዱ ላይ መጻፍ ነበር። ግማሹን ጽፌ ተውኩት። ቀልዱ ጥሩ ነው፥ ነገር ግን የእርሱ ነው፤ የሰውን ቀልድ ለራሱ መልሶ መላክ እርሱ የሰጠህን ጋቢ በልደቱ ቀን አጥበህ እንደ ማበርከት ነው። ሁለተኛው አሳቤ የዐሥራ አምስት ዓመቱ ስሌት ነበር፤ ስድሳን ለአራት ማካፈል። ይህን ግን ጧት ሁለቱ ቀልድ አዋቂዎች ቀድመውኛል፥ ባይቀድሙኝም ኖሮ የማይሆንበት ምክንያት ነበረው፤ ያ ቀልድ ወዳጄን አያውቀውም። የሚያውቀው ቀኑን ነው። በጳጉሜን ስድስት የተወለደ ሰው ሁሉ፥ በጎጃምም ይኑር በዋሽንግተን፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ሰምቶ ሰልችቶታል። ቀልድ ሆኖ መገኘቱ ከጅምላነት አያድነውም፤ እንዲያውም ለእኔ ብቻ ተፈጠረ መስሎ ስለሚቀርብ ከ«መልካም ልደት» ይልቅ ያሳፍራል። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ በካርዱ ላይ ያለውን ስም ፍቀህ የሌላ ሰው ስም ብትጽፍበት ቃሉ ሳይነቃነቅ የሚቆም ከሆነ፥ ያ ቃል የማንም አይደለም።

ሦስተኛውን ሙከራዬን ርዝመት አጠፋው። ከዓመታት በፊት በአንድ የሙት ዓመት መታሰቢያ ጽሑፍ ላይ ያገኛትን አንዲት የፊደል ስሕተት አስመልክቶ፥ ማተሚያውን አስቁሞ የተነሣውን ጠብ እተርክ ጀመርኩ፤ ማን ምን እንዳለ፥ አለቃው እንዴት እንደ ተቆጣ፥ እያልኩ ካርዱን ሞልቼ ጀርባውን ስገለብጥ ራሴን ታዘብኩት። ሁለታችንም እዚያ ነበርን። ለሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን መተረክ ለሌላ ሰሚ መናገር ነው፤ ያ ሌላው ሰሚም ብዙ ጊዜ ራሱ ተራኪው ነው፥ ቀልደኛነቱን እያደነቀ።

በዚህ መካከል አንድ የቆየ ጥፋቴ ትዝ ብሎኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ለአንድ ሌላ ባልደረባችን፥ ጠጉሩ እየሳሳ ለመጣ ሰው፥ «ማበጠሪያህን ለልጆችህ በኑዛዜ ስጥ» የሚል የልደት መልእክት ልኬለት ነበር። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «አመሰግናለሁ» የሚል፥ አራት ነጥቡ ተሟልቶ። ቀልድ የደረሰው ሰው በአራት ነጥብ አይዘጋም፤ ይመልሳል፥ ይሳደባል፥ ወይም ይደውላል። ከሁለት ወር በኋላ ጠጉሩን ያሳሳው መድኃኒት እንደ ነበረ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያበጀሁት ወሰን አለ፤ ሰው በፈቃዱ በሚያደርገውና ቢተወው በሚያዝንበት ነገር እቀልዳለሁ፥ ሳይፈልግ በደረሰበት ነገር ግን አልቀልድም። መላጣነት፥ ውፍረት፥ እርጅና፥ አለማግባት የደረሱበት ናቸው። የሠርግ መጥሪያ ማረም ግን ፈቃዱ ነው፥ ኩራቱም ነው። «አንቱ» ለምለው ታላቅ ደግሞ ቀልዱን በራሴ ላይ አዞረዋለሁ፥ ዱላው ከእኔ ትከሻ እንዳይወርድ።

ወደ ማታ ገደማ አዲስ ካርድ ገዝቼ ይህን ጻፍኩ፤

«እንኳን ለስድሳኛ ዓመትህ አደረሰህ። በዚህ ካርድ ላይ አንድ ስሕተት አለ፤ ሳታገኘው ኬኩን እንዳትቆርስ።»

ዓይኑ ዓ፥ እሳቱ ሰ፥ ሐመሩ ሐ፥ ሁሉ በየቦታው መሆኑን ሦስት ጊዜ መረመርኩ። ስሕተት የሚባል አልነበረበትም። ይህ ሐሰት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፥ አዎን፥ በቃሉ ሐሰት ነው፤ ለነፍስ አባቴ ግን ለመናገር አላሰብኩም። ለአንድ አራሚ ስሕተት የሌለበትን ጽሑፍ ስሕተት አለበት ብሎ መስጠት ለአዳኝ ጫካ መስጠት ነው፥ አውሬው ባይኖርም። በካርዱ ላይ ስለ ሥራው፥ ስለ ጣቱ፥ ስለ ቀዩ እስክሪብቶ አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤ እነዚያን ሁሉ እርሱ ራሱ ካርዱን ሲያነብ ያመጣቸዋል። ቀልዱ የሚፈጸመው በእኔ ብዕር ሳይሆን በእርሱ ጣት ነው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ባለቤቱ ነበረች። «ምነው አንተ፥ ምን ጽፈህበት ነው?» አለች፤ ከኋላዋ የልጆች ጩኸት ይሰማል። «ሻማው ቀልጦ ኬኩ ላይ ተንጠባጠበ እኮ። የልጅ ልጆቹ ከበውት ቆመዋል፥ እርሱ መነጽሩን ቀይሮ ደግሞ ማጉያ መስታወት አምጡ ይላል። ስሕተቱን ንገረኝና ልገላገል!» የለም ብል ቀልዱ ይሞታል፥ አለ ብል ደግሞ የት ነው ትለኛለች፤ «እርሱ ራሱ ያገኘዋል» ብዬ ዘጋሁ፥ ሌሊቱንም ጥቂት ጸጸት ቢጤ እየተሰማኝ አደርኩ።

በማግሥቱ፥ መስከረም 1 ቀን፥ ጎረቤት ያሉ ሴቶች ልጆች አበባየሁሽን ዘፍነው ከደጃፌ ሲሄዱ፥ የወዳጄ የልጅ ልጅ፥ የሰባት ዓመት ልጅ፥ እንደ ወንዶቹ ልማድ በቀለም የሣለውን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዞ መጣ። አደይ አበባና ክንፉ ከራሱ የሚበልጥ አንድ መልአክ ነበር። ከሥዕሉ ሥር፥ በእጥፍ፥ ካርዴ ተመልሳ መጥታለች። «ስድሳኛ» የምትለው ቃል በቀይ ቀለም፥ በዚያ በማውቀው ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዛለች፤ በኅዳጉ ላይ «፲፭ኛ» ተብሎ በግእዝ ቁጥር ተጽፏል፥ ከሥሩም በሥራ ዘመኑ በመጨረሻው ፕሩፍ ላይ ያሰፍራት የነበረችው ቃል፤ «ታርሟል፤ ይታተም።»

«አያትህ ኬኩን ስንት ሰዓት ቆረሰ?» ብዬ ልጁን ጠየቅሁት።

«እኛ ተኝተን» አለ፤ ሥዕሉን ወደ እኔ እንደ ዘረጋ ቆሞም ኪሴን ይመለከት ጀመር።